140 ባር ላይ የቆመው ፕሬስ፦ ከአንድ የአዘዞ ጋራዥ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

## የስልክ ጥሪው

ኅዳር ላይ ነው። ሰሊጥ የሚጭኑ መኪኖች በጎንደርና በመተማ መካከል ያለ ዕረፍት የሚመላለሱበት ወቅት ነው። አዘዞ ካለ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ተደወለልኝ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ በሙያውም የቆዩ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ፕሬሳችን አቅም አጣ። አዲስ ፓምፕ ገዝተን ገጠምንለት፤ ምንም አልተሻለውም» አሉኝ።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ችግሩ ባለበት የቀረ ቤት በተደጋጋሚ ስለሚገጥመኝ ነው። በዚህ ጋራዥ ደግሞ ከገንዘቡ የባሰ ነገር ነበር። ችግሩን ለመፍታት ሲሉ ማሽኑን አደገኛ አድርገውት ነበር፤ ይህንን ግን ማንም አላወቀም።

## ማሽኑ

ፕሬሱ በዘይት ግፊት የሚሠራ ባለ 80 ቶን መጭመቂያ ነው። የመሪ ፒኖችን፣ ቡሾችንና ኩሽኔታዎችን ለማስገባትና ለማውጣት ይጠቀሙበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። 7.5 ኪሎዋት ሞተር የማርሽ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ በደቂቃ 11.6 ሊትር ያህል ዘይት ይገፋል። ዘይቱ መጀመሪያ አንድ የብረት ብሎክ ውስጥ ይገባል፤ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ፣ እንዲሁም ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ታንኩ የሚለቀው ሪሊፍ ቫልቭ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ባለ እጀታ ወደ ሆነው ቫልቭ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ እጀታውን ወደ ታች ሲጫን ዘንጉ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ሲያነሳው ይመለሳል። እጀታው መሐል ላይ ሲሆን ዘይቱ ያለ ሥራ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 200 ሚሊሜትር ነው። የፒስተኑ ፊት ስለዚህ 314 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በ250 ባር ግፊት ሲገፋ 80 ቶን ይሰጣል። ታርጋው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው፦ 80 ቶን፣ 250 ባር።

አሁን ግን ከ140 ባር አያልፍም። ይህ ወደ 45 ቶን ይመጣል። የአንድ ተሳቢ ፒን ዝጎ ተጣብቆ ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ ሲታገሉት ሰነበቱ።

## እኔ ከመድረሴ በፊት የተሠራው

የጋራዡ መካኒክ ወጣት ነው፤ እጁ ጥሩ፣ ለሥራውም የሚጓጓ ልጅ። የሠራውን ሳይደብቅ ነገረኝ። መጀመሪያ ብሎኩ ላይ ያለውን ሪሊፍ ቫልቭ ግማሽ ዙር አጠበቀው። ጌጁ አልተነቃነቀም። አንድ ዙር ጨመረ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ብሎኑ እስኪቆም ድረስ አጠበቀው። ጌጁ አሁንም እዚያው ላይ ነው።

«ስለዚህ ፓምፑ አርጅቷል አልኩ፣ ጋሼ» አለኝ።

አስተሳሰቡ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ሪሊፍ ቫልቩን ስታጠብቀው ግፊቱ ካልጨመረ፣ ግፊቱን የወሰነው ያ ቫልቭ እንዳልሆነ በደንብ ያሳያል። ስሕተቱ ከዚያ ቀጥሎ «እንግዲያው ፓምፑ ነው» ማለቱ ላይ ነው። ፓምፕ ግፊት አይፈጥርም። ዘይት ብቻ ነው የሚገፋው። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ መውጫ ሲያጣ ነው። 140 ላይ ከቆመ፣ 140 ላይ ዘይቱ የሚያመልጥበት በር አለ ማለት ነው። በሩ ፓምፑ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሩ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ወይም በመሐል ካሉት ቫልቮች አንዱ ውስጥ። የእኛ ሥራ በሩን መፈለግ ነው።

## የመጀመሪያ ምልክቶች

ዕቃ ከመፍታቴ በፊት ሁለት ነገር አየሁ።

አንደኛው ጌጁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ተለቅቆ እንኳ መርፌው 10 ላይ ቆሟል። ስለዚህ የራሴን ጌጅ ገጠምኩ። የእነሱ 150 ሲያነብ የእኔ 140 አለ። ልዩነቱ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ነገር ግን በተበላሸ ጌጅ ሪሊፍ ቫልቭ አላስተካክልም።

ሁለተኛው ከቀዝቃዛ ዘይት ወደ ሙቅ ዘይት ሲሄድ የሚታየው ለውጥ ነው። ጠዋት ዘይቱ 18 ዲግሪ እያለ ግፊቱ 140 ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ 137 አለ። ይህ ብዙ ይናገራል። የተበላ ፓምፕ ወይም የተቀደደ የፒስተን ጎሚኒ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ሰፊ ይሆን ነበር። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላ ክፍተትም ይበልጥ ያመልጣል። ጠዋት 190 አሳይቶ ከሰዓት ወደ 130 የሚወርድ ማሽን አይቻለሁ፤ ያ የመበላት ጠባይ ነው። ይህኛው ግን ቀዘቀዘም ሞቀም አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ የሚቆመው ደግሞ ሞላ ነው። በሞላ የሚሠራ፣ 140 ላይ የሚከፈት ነገር አንድ ቦታ አለ ብዬ ጠረጠርኩ።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም።

## ዘይቱ በየት ነው የሚመለሰው?

ወደ ታንኩ የሚመለሱ ሁለት ቱቦዎች አሉ። አንዱ ከብሎኩ ሪሊፍ ቫልቭ፣ ሌላው ከባለ እጀታው ቫልቭ ይመጣል። በማግሥቱ ጠዋት ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መልሰን፣ ሲሊንደሩ መጨረሻው ላይ እንደደረሰ እጀታውን እዚያው ያዝነው። እየቆራረጥን ሦስት ደቂቃ ያህል ሠራን። ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች በርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ለካሁ። የብሎኩ መመለሻ 20 ዲግሪ ነበር፤ ከጠዋቱ አየር ብዙም አይለይም። የባለ እጀታው መመለሻ ግን 34 ሆኗል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዘይት ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዜሮ ሥራ ሳይሠራ ሲያመልጥ ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በየ100 ባሩ ዘይቱ በግምት 6 ዲግሪ ይጨምራል። ሲሊንደሩ ቆሟል፤ ስለዚህ በባለ እጀታው መመለሻ ብዙ ዘይት ማለፍ አልነበረበትም። እያለፈ ነው።

መሣሪያው የሌለው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ግፊቱን ለቆ፣ ቱቦዎቹን በእጁ ዳስሶ ልዩነቱን ማወቅ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ እጅን ወደ ቱቦና መጋጠሚያ መላክ ግን ክልክል ነው። በዚህ ግፊት በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰብሮ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያስኬድ ጉዳት ነው።

አሁን የተጠርጣሪው ቁጥር ቀንሷል። ዘይቱ የሚያመልጠው በባለ እጀታው ቫልቭ ውስጥ ነው፤ አለዚያም በፒስተኑ ጎሚኒ አልፎ፣ በሌላኛው ሆዝ ተመልሶ፣ በዚያው ቫልቭ በኩል ይወጣል። ሁለቱን መለየት ይቀራል።

## ሲሊንደሩን ከመስመር ማውጣት

ዘንጉ ወደ ላይ ተመልሶ እንዳይወርድ ከሥሩ ድጋፍ አደረግን። ሞተሩን አጠፋን። ግፊቱ እንዲለቀቅ እጀታውን ወደ ሁለቱም ወገን ደጋግመን አንቀሳቀስን። ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄዱትን ሁለት ሆዞች ፈትተን ጫፋቸውን ይህን ግፊት በሚችል የብረት ታፖ ደፈንናቸው። አሁን ሲሊንደሩ የለም። ጎሚኒው ተቀዶ ከነበረ ግፊቱ መነሣት አለበት።

ሞተሩን አስነሣን፣ እጀታውን ያዝን። ጌጁ 140።

ሲሊንደሩ ነፃ ወጣ። ባለቤቱ እፎይ አሉ። ያን ያህል ትልቅ ሲሊንደር መፍታት ክሬን የሚፈልግ የሁለት ቀን ሥራ ነውና።

## በጣም አደገኛዋ ደቂቃ

ቀጣዩ እርምጃ ባለ እጀታውን ቫልቭ ራሱን ማውጣት ነው። ከብሎኩ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ሆዝ ፈትቶ መውጫውን መድፈን። ያኔ የሚቀሩት ፓምፑ፣ ጌጁና የብሎኩ ሪሊፍ ቫልቭ ብቻ ናቸው።

ወጣቱ መካኒክ ፈጣን ነው። ሆዙን ፈትቶ ታፖውን አጥብቆ፣ እጁን ወደ ሞተሩ ማስነሻ ሰደደ። «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ።

የብሎኩ ሪሊፍ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ተጠብቋል እኮ። ሞላው ሙሉ በሙሉ ከተጨመቀ ያ ቫልቭ በ400 ይከፈት፣ ወይም ጨርሶ አይከፈት፣ የሚያውቅ የለም። የማርሽ ፓምፕ ደግሞ መውጫው ቢደፈንም አይቆምም፤ እያንዳንዱ ዙር የያዘውን ዘይት ይገፋል። መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይተኮሳል። ከዚያ ሆዝ ይፈነዳል፣ የፓምፑ አካል ይሰነጠቃል፣ ወይም ታፖው እንደ ጥይት ይወጣል። እስከዚያች ቀን ማሽኑን የጠበቀው 140 ላይ ይከፈት የነበረው ያልታወቀ በር ነው። እኛ ደግሞ እሱን ልንዘጋው ነበር።

የምርመራውን ሥርዓት እዚህ ላይ አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ማንኛውንም መስመር ከመድፈንህ በፊት የቀረውን ሪሊፍ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አላላው። ሲሊንደሩን ስንለይም ይህን ማድረግ ነበረብን። ዳዶውን ፈታን፣ ብሎኑን ሞላው እስኪለቀቅ ድረስ ወደ ውጭ መለስነው። ሁሉም ሰው ከመስመሩ ፊት ዞር አለ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተሩ ተነሣ።

ጌጁ 25 አሳየ። ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅሁ ሄድኩ። 60። 110። 170። 220። 250። መርፌው ብሎኑን እየተከተለ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ። ስመልሰውም ተመልሶ ወረደ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አላቆየሁትም። በ250 ባር ዘይቱ ሁሉ በቫልቩ ሲያመልጥ ወደ 5 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ታንኩ ውስጥ ይገባል።

ፓምፑ ደህና ነው። የብሎኩ ሪሊፍ ቫልቭም ደህና ነው።

ባለቤቱ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነበር። «ታዲያ አሮጌው ፓምፕስ?» መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እሱንም መልሰን ገጥመን በዚያው መንገድ ሞከርነው። 250 ደረሰ። ሰውዬው ዝም አሉ። እኔም የምለው አልነበረኝም። አዲሱን መለዋወጫ ሆኖ እንዲቀመጥ አድርገን አሮጌውን እዚያው ተውነው።

## የተደበቀው ሁለተኛ ሪሊፍ ቫልቭ

አሁን የቀረው ባለ እጀታው ቫልቭ ነው። ታንኩ ጎን፣ በጨለማ ጥግ የታሰረ ነው። አቧራና ግሪስ ሸፍኖታል። በናፍጣ ስናጥበው ጎኑ ላይ አንድ ክብ ክዳን ወጣ። ክዳኑን ስንፈታው ከሥሩ ዳዶና ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን ተገኘ።

እንዲህ ያሉት ባለ እጀታ ቫልቮች ብዙዎቹ በውስጣቸው የራሳቸው ሪሊፍ ቫልቭ አላቸው። ፋብሪካው በሆነ ግፊት አስተካክሎ ይልካቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ለእርሻ ማሽንና ለትናንሽ መሣሪያ በሚሆን ዝቅ ያለ ልክ ነው። ሁለት ሪሊፍ ቫልቮች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትእዛዙ የዝቅተኛው ነው። 140ው ከተከፈተ 250ው ለመከፈት ምክንያት የለውም። ልጁ ያኛውን ብሎን ሲያጠብቅ የማይሠራውን ቫልቭ ነበር የሚያጠብቀው።

«ይህ ቫልቭ መቼ ነው የተገጠመው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ባለቤቱ አሰቡ። የቀድሞው በእጀታው በኩል ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበረ ከሁለት ዓመት በፊት በአዲስ ተቀይሯል። ስለዚህ ፕሬሱ ሁለት ዓመት ሙሉ 45 ቶን ብቻ ነበር። ማንም አላስተዋለም፤ የዕለት ተዕለቱ ቡሽና ኩሽኔታ ከ30 ቶን በላይ አይጠይቅምና። የዛገው የተሳቢ ፒን እስኪመጣ ድረስ ጉድለቱ ተደብቆ ቆየ። ሁሉም ሰው «በዚህ ወር ተበላሸ» ይል ስለነበር በዚህ ወር ያረጀ ነገር ሲፈልጉ ነበር። ስደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለመጨረሻ ጊዜ 250 ያያችሁት መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ቀየራችሁ?» መሆን ነበረበት። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ይተርፈን ነበር።

## የመጀመሪያው ማስተካከያ አልሠራም

የቫልቩ ታርጋ እስከ 315 ባር ይችላል ይላል። ስለዚህ የውስጡን ሪሊፍ ቫልቭ ወደ 250 ማሳደግ የሚከብድ አልመሰለኝም።

ቅደም ተከተሉን እነግራችኋለሁ፤ ሁለት ሪሊፍ ቫልቭ ባለበት ማሽን ሁሉ ይጠቅማል። ከሁለቱ አንዱ ሠራተኛ፣ ሌላው ዘብ መሆን አለበት። ዘቡ ከሠራተኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ቢጣበቅ እሱ ይከፈታል። የብሎኩን ዘብ አደረግሁት። መስመሩ ገና እንደተደፈነ፣ ባለ እጀታው ቫልቭ ሳይያያዝ፣ 270 ላይ አስቀምጬ ዳዶውን አጠበቅሁ። ፓምፑም ሆዞቹም ይህን እንደሚችሉ አስቀድሜ ታርጋቸውን አይቻለሁ። ከፍተኛው ቀድሞ ለብቻው ይስተካከላል። ከዚያ ዝቅተኛው በእሱ ጥበቃ ሥር ይስተካከላል። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ ዝቅተኛው በመንገድ ላይ ስለሚከፈት ከፍተኛውን ማየት አትችሉም።

ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስን። የባለ እጀታውን ብሎን ማጥበቅ ጀመርኩ። 150፣ 170፣ 190። እዚያ ላይ ብሎኑ ቆመ። የውስጡ ሞላ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው።

ልጁ መፍትሔ አመጣ። «ከሞላው ሥር ሁለት ሮንዴላ እንጨምርበት።»

ይህን ሐሳብ በብዙ ጋራዥ ሰምቻለሁ፤ ሲሠራም አይቻለሁ። ግፊቱ በርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ሞላ የሚሠራው በቀለበቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሮንዴላ ስትጨምር ክፍተቱ ያልቃል። ቀለበቶቹ ከተነካኩ ሞላው ሞላ መሆኑ ይቀርና የብረት ዘንግ ይሆናል። ቫልቩ ትንሽ ይከፈታል፤ የፓምፑን ዘይት ሁሉ የሚያሳልፍ ያህል ግን አይከፈትም። ጌጁ ላይ በቀስታ ስታየው 250 ያሳይሃል። ዘንጉ በድንገት ሲቆም ግን ከዚያ አልፎ ይዘላል። አልፈቀድኩም፤ ለምን እንዳልፈቀድኩም ሞላውን አውጥቼ በጣቴ እየጨመቅሁ አሳየሁት።

ትክክለኛው ሞላ ጎንደር ውስጥ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ አዘዝን። እስኪመጣ ፕሬሱ በ190 ባር ማለትም በ60 ቶን ግድም እንዲሠራ አደረግን። ብዙው ሥራ ተሠራ። ያ የተሳቢ ፒን ግን አልወጣም።

## ሁለተኛው ማስተካከያ

ሞላው በ11ኛው ቀን መጣ። ገጠምነው፣ ብሎኑንም ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ መልሰን ጀመርን።

ዘይቱን መጀመሪያ ዘንጉን ባዶውን እያወጣንና እያስገባን፣ ከዚያም በዝቅተኛ ግፊት እየያዝን 45 ዲግሪ አደረስነው። ማሽኑ የሚውለው በዚህ ሙቀት ነውና ማስተካከያውም በዚሁ ይሁን። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መልሰን እጀታውን ያዝነው። ይህ የተመረጠው ጉልበቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚቀር ነው፤ የፕሬሱ ፍሬምና ጠረጴዛው ላይ ምንም አይጫንም፣ የሚፈናጠር ዕቃም የለም።

ፓምፑ ዘይቱን ሁሉ በሪሊፍ ቫልቩ እያሳለፈ ሳለ ነው ግፊቱን የምናነበው። ሪሊፍ ቫልቭ እንደ በር በአንድ ጊዜ አይበረገድም። ከተቀመጠለት ልክ በታች ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሙሉውን ዘይት ለማሳለፍ ደግሞ ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል። ፍሰቱ ትንሽ ሆኖ ካስተካከላችሁት ሥራ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሩብ ዙር፣ እጀታ መያዝ፣ ማንበብ፣ መልቀቅ። 240 ከደረስኩ በኋላ ከሩብም ያነሰ። 256 ላይ አለፈኝ። በዚያው ወደ 250 ትንሽ አልመለስኩትም። ወደ 230 አውርጄ እንደገና ከታች ወደ ላይ አመጣሁት። ብሎኑና ሞላው ላይ ሰበቃ አለ፤ ከላይ ወደ ታች የተመለሰ ልክ ከጥቂት ምት በኋላ ይወርዳል። 250 ላይ ዳዶውን አጠበቅሁ፤ ሲጠብቅ 254 ሆነ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን አብሮ ስለሚያዞረው ይህ የተለመደ ነው። ፈትቼ 246 ላይ አድርጌ አጠበቅሁት። 250 ላይ ቆመ። አምስት ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ከ249 እስከ 251 ነበር።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የሙቀት ነው። በ250 እንደያዝን የብሎኩን መመለሻ ቱቦ ለካሁ። ቀዝቃዛ ነው። ዘቡ ተኝቷል፤ በሠራተኛው ሥራ አልገባም። ሞቆ ቢሆን ኖሮ 20 ባር ልዩነት አልበቃም ማለት ነበር።

ከዚያ ፒኑ መጣ። ዙሪያውን ጋረድነው፣ ሰዎቹንም አራቅን። በ215 ባር፣ ወደ 69 ቶን ሲደርስ፣ ትልቅ ድምፅ አሰምቶ ተነቃነቀ።

## ለሌላ ማሽን የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሎደር፣ ወደ ገልባጭ መኪና ወይም ወደ ሌላ ፕሬስ የሚሻገረው ዋናው ነገር የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ከመጨረሻው ጫፍ ጀምሮ ወደ ፓምፑ እየቀረቡ መድፈን። ግፊቱ ተነሥቶ የተገኘበት ቦታ ከዚያ በፊት የተወገደውን ዕቃ ይከስሳል። ሲሊንደሩን ስትደፍን 250 ከመጣ ጎሚኒው ነው። ቫልቩን ስትደፍን ከመጣ ቫልቩ ነው። ሁሉንም ደፍነህ፣ ሪሊፍ ቫልቩን ከዜሮ ጀምረህ አጥብቀህም ካልመጣ፣ ፓምፑ ወይም ራሱ ሪሊፍ ቫልቩ ነው። እነዚያን ደግሞ የመመለሻ ቱቦው ይለያቸዋል። የሪሊፍ ቫልቩ መመለሻ ከሞቀ መቀመጫው ተበልቷል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፤ ፈትቶ ማጠብ ይቀድማል። ቱቦው ቀዝቃዛ ሆኖ የፓምፑ አካል ከሞቀ ፓምፑ ነው።

ፓምፑ የሚጮህና ዘይቱ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የመምጠጫው ፊልትሮ ይታይ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ ያህል ይደክማል። ቆላ ላይ የማይሰማ የፊልትሮ መደፈን እዚህ ፓምፑን ያስጮኸዋል። በዚህ ፕሬስ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም፤ ፓምፑን በመጀመሪያ ያልጠረጠርኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

## የቀረው

ሁለቱ ቫልቮች ላይ የብረት ምልክት አሰርን። አንዱ «ሥራ፣ 250» ሌላው «ዘብ፣ 270፣ አይነካም» ይላል። አዲስ ጌጅ ተገዛ። ልጁ በየወሩ መጀመሪያ ዘንጉን ወደ ላይ መልሶ፣ ግፊቱንና የዘይቱን ሙቀት አንድ ደብተር ላይ ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን እንዳለ ነው። ባለቤቱ እጀታው መሐል ላይ ሲመለስ ግፊቱ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ፤ ቡሽ ጨምቀው ይዘው ሌላ ሥራ መሥራት ይሻሉ። ሞከርነው። ከ250 በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 170 ወረደ። ሲሊንደሩን ከቫልቩ ለይተን ለብቻው ስንሞክር በውስጡ የያዘው ግፊት አልወረደም፤ ስለዚህ የሚያሳልፈው የባለ እጀታው ቫልቭ ስፑል ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ስፑል በቀጭን ክፍተት ውስጥ የሚንሸራተት ብረት ነው፤ ትንሽ ማሳለፍ ጠባዩ ነው። ግፊት እንዲይዝ ከተፈለገ በቫልቩና በሲሊንደሩ መካከል የሚቆልፍ ቫልቭ መግባት አለበት። «እሱን ከሚቀጥለው ወቅት በፊት እንየው» ተባብለን ተለያየን።